ስለ አሮጌ ፎቶግራፍ ቅጂና በትውልድ ሐረግ መዝገብ ስለሚገባው ቀን

አሮጌ ፎቶግራፍ በፊቱ መልክ፥ በጀርባው ብዙ ጊዜ ስምና ቀን አለበት። ስለዚህ በስልክ የሚቀዳው ሰው ሁለቱንም ወገን መቅዳት ይገባዋል። ፎቶግራፉ ፀሐይ በቀጥታ በማያርፍበት፥ ነገር ግን ብርሃን ባለበት ስፍራ በጠረጴዛ ላይ ይጋደማል። የስልኩ መብራት አይበራም፤ ልሙጡ ወረቀት ብርሃኑን መልሶ መልኩን ይሸፍናልና። ስልኩ ከላይ ሳያዘነብል ይያዛል። በቅጂው ላይ አንዱ ጠርዝ ከትይዩው አጥሮ የታየ እንደ ሆነ ስልኩ ማዘንበሉ ይታወቃል፤ ሥራውም ይደገማል። በሙጫ የተጣበቀ ፎቶግራፍ ሲላቀቅ ይቀደዳልና፥ እንደ ተጣበቀ መቅዳት ይሻላል።

ከዚህ በኋላ ቅጂው ወደ ትውልድ ሐረግ መተግበሪያ ይገባል። መተግበሪያው እያንዳንዱን ሰው ከወላጆቹና ከልጆቹ ጋራ ያያይዛል፤ ፎቶግራፉንም ከነቀኑ በስሙ ሥር ያኖራል። ነገር ግን መዝገቡን ከአንዱ መተግበሪያ ወደ ሌላው የሚያስተላልፈው ጌድኮም የሚባለው ሥርዐት የጎርጎርዮስን፥ የዩልዮስን፥ የዕብራውያንንና የቀድሞውን የፈረንሳይ አብዮት አቆጣጠር ሲዘረዝር፥ የኢትዮጵያን አይጨምርም። ብቻውን የተጻፈ ዓመት እንደ ፈረንጅ ዓመት ይቈጠራል።

ለምሳሌ፥ አንድ ወታደር ሕፃን ሴት ልጁን በጉልበቱ አስቀምጦ ከተነሣው ፎቶግራፍ ጀርባ «ጥቅምት 15 ቀን 1928» የሚል ጽሕፈት አለ እንበል። የዚያች ሕፃን ልጅ፥ ዛሬ እርሳቸውም አያት የሆኑት፥ እናታቸው በየካቲት 1922 ዓ.ም. እንደ ተወለዱና የእናታቸው አባት ወደ ጦርነት ሄደው እንዳልተመለሱ ይናገራሉ። መዝጋቢው ልደቱን አስልቶ በፈረንጅ 1930 ብሎ ቢጽፍ፥ የፎቶግራፉን ዓመት ግን 1928 ብሎ ቢተወው፥ ሕፃኗ ከመወለዷ አስቀድማ በአባቷ ጉልበት ላይ ተቀምጣ ትገኛለች። ስሕተቱም በዚህ ይታወቃል።

ከመስከረም 1 ቀን እስከ ፈረንጅ ዓመት መለወጫ ድረስ 7 ዓመት፥ ከዚያ ወዲህ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ዓመት ይጨመራል። ስለዚህ ጥቅምት 15 ቀን 1928 ዓ.ም. በፈረንጅ ኦክቶበር 26 ቀን 1935 ነው። ሕፃኗም ያን ጊዜ አምስት ዓመት አልፏታል። የኢጣልያ ጦር መረብን የተሻገረው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ስለ ሆነ፥ ፎቶግራፉ የተነሣው ጦርነቱ ከተጀመረ ከ23 ቀን በኋላ ነው። ከአያቲቱ ቃል ጋራ ሲነጻጸር የስንብት ፎቶግራፍ ሳይሆን አይቀርም። ቀኑ ቢሳሳት ግን በሰላም ዘመን የተነሣ ተራ መልክ ይመስል ነበር።

እንግዲህ በቀኑ ስፍራ የተሰላው የፈረንጅ ቀን ይግባ፤ በማስታወሻው ስፍራ ደግሞ የጀርባው ጽሕፈት አንዲት ፊደል ሳትለወጥ፥ የተናጋሪው ስምና የሰጡት ቃል ይጻፍ። ስሌቱ ቢሳሳት ኋላ የሚመጣው አንባቢ ከዚያ ያርመዋል።