በወሩ መሐል ፓኬጅ ሲቀየር ሂሳቡ እንዴት ይሠራል?

አንዲት ፎቶ አንሺ ሥራዎቿን በኢንተርኔት ለምታስቀምጥበት አገልግሎት በወር 12 ዶላር ትከፍላለች እንበል። ጁን 11 ቀን ማከማቻው ሞላባትና 30 ዶላር ወደሚያስከፍለው ትልቁ ፓኬጅ ከፍ አለች። ጁላይ 1 የመጣላት ሂሳብ ግን 30 ሳይሆን 42 ዶላር ሆነ። በዚህ ጊዜ ማንም ሰው የሚጠረጥረው አንድ ነገር ነው፤ 12 እና 30 ሲደመሩ 42 ስለሆኑ ድርጅቱ የተወችውንም የያዘችውንም ፓኬጅ አንድ ላይ አስከፍሏታል ይላል።

ሆኖም ሂሳቡ ትክክል ነው። እዚያ ውስጥ ያለው 12 ዶላር የድሮው ፓኬጅ ዋጋ አይደለም፤ በአጋጣሚ ከእሱ ጋር እኩል የሆነ የጁን ወር ቀሪ ሂሳብ ነው። አሠራሩ በሙያው አጠራር ፕሮሬሽን ይባላል። የወሩን ዋጋ በቀን ከፋፍሎ፣ በእያንዳንዱ ፓኬጅ ለተገለገሉበት ቀን ብቻ ማስከፈል ማለት ነው።

ስሌቱን ደረጃ በደረጃ እንየው። ፎቶ አንሺዋ ጁን 1 ቀን 12 ዶላር ከፍላለች። ጁን 30 ቀን ስላለው አነስተኛው ፓኬጅ በቀን 40 ሳንቲም ይደርሳል። ጁን 11 ንጋት ላይ ስትቀይር 10 ቀን ተጠቅማለች፤ 20 ቀን ይቀራታል። ከፍላባቸው ያልተጠቀመችባቸው እነዚህ 20 ቀናት በ40 ሳንቲም ሲባዙ 8 ዶላር ይሆናሉ። ይህ ገንዘብ ለእሷ ይታሰብላታል። ትልቁ ፓኬጅ ደግሞ በቀን 1 ዶላር ስለሆነ ለዚያው 20 ቀን 20 ዶላር ይጠየቅበታል። ከ20 ላይ 8 ሲቀነስ 12 ዶላር ይቀራል። የጁላይ 30 ዶላር ሲጨመርበት 42 ሞላ ማለት ነው።

ስሌቱ ልክ መሆኑን በሌላ መንገድ ማረጋገጥ ይቻላል። ጁንን በአነስተኛው ፓኬጅ 10 ቀን ተጠቅማለች፣ ይህ 4 ዶላር ነው። በትልቁ 20 ቀን ተጠቅማለች፣ ይህ 20 ዶላር ነው። ድምሩ 24 ዶላር ይሆናል። የከፈለችውም መጀመሪያ 12፣ በኋላ 12፣ በጠቅላላው 24 ነው። ለአንድም ቀን ሁለት ጊዜ አልከፈለችም።

ግራ መጋባቱ የሚመጣው ከስሌቱ ይልቅ ገንዘቡ ከሚቆረጥበት ቀን ነው። ድርጅቶች በዚህ ረገድ አንድ ዓይነት አሠራር የላቸውም። ብዙ የኢንተርኔት ድርጅቶች ክፍያ የሚሰበስቡበት ስትራይፕ የተባለው ሥርዓት፣ ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው በስተቀር ልዩነቱን ይዞ ቆይቶ በሚቀጥለው ወር ሂሳብ ላይ ይደምረዋል። 42 ዶላሩ የመጣው በዚህ መንገድ ነው። ድርጅቱ ከፈለገ ልዩነቱ በዚያው ቀን እንዲቆረጥ ማድረግ ይችላል፤ ያኔ ጁን 11 ላይ 12 ዶላር፣ ጁላይ 1 ላይ ደግሞ 30 ዶላር ብቻ ይመጣል። ጭራሽ ልዩነቱን እንዳያስብ ማድረግም ይችላል።

በአፕል መደብር በኩል ከፍላ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። አፕል ደንበኛው ወደ ከፍተኛው ፓኬጅ ሲያልፍ የአዲሱን ሙሉ ዋጋ አስከፍሎ ላልተጠቀመበት ጊዜ ተመላሽ ያደርጋል፤ የወሩ መቁጠሪያም ከዚያች ቀን እንደ አዲስ ይጀምራል። ስለዚህ 30 ዶላር ይቆረጣል፣ 8 ዶላር ይመለሳል፣ ቀጣዩ ክፍያ ጁላይ 11 ይሆናል። ተመላሹ ለብቻው ስለሚመጣ፣ እስኪገባ ድረስ ባንኩ ላይ የሚታየው ሙሉው 30 ዶላር ነው።

ጎግል ፕሌይ ደግሞ ለመተግበሪያ ባለቤቶች ከሚሰጣቸው ምርጫዎች አንዱ ገንዘቡን ወደ ጊዜ መለወጥ ነው። የተረፋት 8 ዶላር በትልቁ ፓኬጅ ዋጋ 8 ቀን ይገዛል። ጁን 11 ላይ ምንም አትከፍልም፤ እስከ ጁን 18 በትልቁ ፓኬጅ ትጠቀምና ጁን 19 ቀን 30 ዶላር ይቆረጣል። መክፈያዋ ቀን ያለማስጠንቀቂያ ወደፊት የመጣ ይመስላታል፤ ነገር ግን በሦስቱም መንገዶች ትልቁ ፓኬጅ በቀን 1 ዶላር፣ ትንሹም 40 ሳንቲም እንደሆነ ነው።

ከእነዚህ ቁጥሮች ጋር የማይገጥም ሂሳብ ሲመጣ ሁልጊዜ ስህተት ነው ማለት አይደለም። አንደኛው ምክንያት የወሩ ርዝመት ነው። በእኛ የዘመን አቆጣጠር ከጳጉሜን በቀር ወራቱ ሁሉ 30 ቀን ስለሆኑ የቀኑ ዋጋ ባልተለዋወጠ ነበር። ድርጅቶቹ የሚከተሉት አቆጣጠር ግን 28፣ 29፣ 30 ወይም 31 ቀን ያላቸው ወራት አሉት። የ12 ዶላሩ ፓኬጅ 28 ቀን ባለው ፌብሯሪ በቀን 43 ሳንቲም ገደማ፣ በ31 ቀን ወር ደግሞ 39 ሳንቲም ገደማ ይሆናል። በዚያ ላይ ስትራይፕ የሚቆጥረው በቀን ሳይሆን በሰከንድ ነው። ጁን 11 ንጋት ላይ የቀየረና በዚያው ቀን ማታ የቀየረ ሰው እኩል ሂሳብ አይመጣላቸውም፤ የሳንቲም ልዩነት ካዩ መነሻው ይህ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ቅናሽ ነው። ለተረፈው ጊዜ የሚታሰበው የተለጠፈው ዋጋ ሳይሆን በእርግጥ የተከፈለው ነው። ፎቶ አንሺዋ የጁንን ክፍያ በግማሽ ዋጋ፣ በ6 ዶላር፣ አግኝታው ከነበረ የሚታሰብላት 8 ሳይሆን 4 ዶላር ነው። ቅናሹ ለአዲሱ ፓኬጅ የማይሠራ ከሆነ ልዩነቱ ወደ 16 ዶላር ከፍ ይላል። በነጻ የሙከራ ጊዜ ላይ ሆና ከቀየረች ደግሞ የከፈለችው ስለሌለ የሚቀነስላትም የለም።

እውነተኛውን ስህተት ለመለየት ዝርዝሩን ማየት ያስፈልጋል። በስትራይፕ የሚዘጋጅ ሂሳብ ላይ ሁለት መስመሮች ይገኛሉ። Unused time የሚለው ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ያለበት ሲሆን ከድሮው ፓኬጅ የተረፈውን ያሳያል፤ Remaining time የሚለው አዲሱ ፓኬጅ ለቀሪዎቹ ቀናት የሚጠይቀው ነው። ሁለተኛው ኖሮ የመጀመሪያው ከጠፋ፣ ደንበኛው ለተመሳሳይ ቀናት ሁለት ጊዜ እየከፈለ ሊሆን ስለሚችል መጠየቅ ተገቢ ነው። ሁለቱም ካሉ የቀረውን ቀን በሁለቱ ፓኬጆች የቀን ዋጋ ማባዛትና መቀነስ ብቻ ነው፤ ውጤቱ ከታክስ በፊት ካለው ልዩነት ጋር ከተቀራረበ ሂሳቡ ደህና ነው።

ወደ ዝቅተኛው ፓኬጅ መመለስ ግን በተመሳሳይ መንገድ አይሠራም። አፕል ዝቅ ማለትን ወዲያው አይፈጽምም፤ ደንበኛው የከፈለበትን ጊዜ በትልቁ ፓኬጅ ጨርሶ ለውጡ በሚቀጥለው መክፈያ ቀን ይጀምራል። በሌሎች ዘንድ ለውጡ ወዲያው ቢፈጸም እንኳ የተረፈው ገንዘብ ብዙውን ጊዜ ወደ ካርድ አይመለስም፤ ለሚመጡት ወራት ክፍያ ተይዞ ይቀመጣል። ስለዚህ ትልቁን ፓኬጅ ለጥቂት ቀን ብቻ የሚፈልግ ሰው ከመቀየሩ በፊት ሊመለከተው የሚገባው ዝቅ ማለትን የሚመለከተውን ደንብ ነው።