«ሠራተኛው አጠፋ» ብሎ የሚያበቃ የአደጋ ሪፖርት

እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 2005 በአሜሪካ ቴክሳስ ሲቲ፣ በቢፒ ኩባንያ የነዳጅ ማጣሪያ ውስጥ በደረሰ ፍንዳታ 15 ሰዎች ሞቱ፤ 180 ያህል ቆሰሉ። ኩባንያው ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ባወጣው የመጀመሪያ ሪፖርት ጥፋቱን በአብዛኛው የጣለው መመሪያ አልተከተሉም ባላቸው ሠራተኞችና የቅርብ ኃላፊዎቻቸው ላይ ነበር። የአገሪቱ የኬሚካል ደኅንነት ቦርድ ግን ሁለት ዓመት መርምሮ ከዚያ የጠለቀ ምክንያት አገኘ። የአደጋ ሪፖርት አሳጥሮ ለደኅንነት ኮሚቴ የሚያቀርብ ሰው ከዚህ ብዙ ይማራል።

ማጠቃለያው የሚጀምረው በተረጋገጠው ነገር ነው። «ኦፕሬተሩ በቸልተኝነት ማማውን ከልክ በላይ ሞላው» ከተባለ ፍርዱ ከምርመራው ቀድሟል። የተረጋገጠው የሚከተለው ነው። ከጥገና በኋላ ሥራ ሲጀመር፣ 50 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው ማማ ውስጥ ከሦስት ሰዓት በላይ ፈሳሽ ሲገባ ምንም አልወጣም። መጠን አመልካቹ ግን ፈሳሹ ከሦስት ሜትር በታች እንደሆነና እየቀነሰም እንደሄደ ያሳይ ነበር። ሁለተኛው የማስጠንቀቂያ ደወልም አልጮኸም። ፈሳሹ ሞልቶ በትርፍ ማስወገጃው ጭስ ማውጫ ወደ ውጭ ፈሰሰ፣ ትነቱም ተቀጣጠለ። የሞቱት ሁሉ በቅርብ በቆሙ ጊዜያዊ ተጎታች ቢሮዎች ውስጥና አጠገብ የነበሩ ናቸው።

ቀጥሎ «ለምን?» እያሉ ወደ ኋላ መሄድ ነው። ኦፕሬተሩ ለምን አላወቀም? አመልካቹ ስላሳሳተው። ታዲያ ብልሽቶቹ አስቀድመው ተነግረው ሳለ ለምን ሳይጠገኑ ሥራ ተጀመረ? በመመሪያው ከተፈቀደው በላይ መሙላትስ ለምን ተለመደ? ቀደም ባሉት አጀማመሮችም አብዛኛውን ጊዜ ይደረግ ነበር፤ ማንም አልመረመረውም። አንዳንድ ኦፕሬተሮች በቀን 12 ሰዓት፣ 29 ቀን ያለ ዕረፍት ሠርተው ነበር። ተጎታቾቹን እዚያ ያቆመውም፣ ትርፉን በእሳት በሚያቃጥል ማማ ፋንታ በአሮጌው ጭስ ማውጫ መጠቀሙን የቀጠለውም ኦፕሬተሩ አይደለም።

የመከላከያ እርምጃ የሚወጣው ከእነዚህ መልሶች ነው። «ሠራተኞች የበለጠ ይጠንቀቁ» የሚለው፣ ብዙ ሪፖርቶች የሚዘጉበት ቢሆንም፣ ከተዘረዘሩት መንስኤዎች አንዱንም አያነሳም። ጠንካራው እርምጃ ተጎታቾቹን ከአደገኛው ቦታ ማራቅ፣ ጭስ ማውጫውን መተካት ነው፤ ሰው ቢሳሳት እንኳ ሕይወት ያተርፋሉና። ከዚያ በታች አመልካችና ደወል ሳይፈተሹ ሥራ እንዳይጀመር መከልከልና የፈረቃ ሰዓትን መገደብ ይመጣል። ከእያንዳንዱ ጎን የሚፈጽመው ሰው፣ የሚያልቅበት ቀንና መፈጸሙ የሚታይበት ማስረጃ ካልተጻፈ ኮሚቴው በሚቀጥለው ስብሰባ የሚጠይቀው ነገር አይኖረውም።

የኮሚቴ አባል ከሆናችሁ፣ የመጨረሻ መንስኤው የአንድ ሠራተኛ ስሕተት ብቻ የሆነ ሪፖርት ሲቀርብላችሁ አትፈርሙበት፤ ምርመራው እንዲቀጥል መልሱት።