ስፓኒሽ ሲፈጥን ድምፆቹ የት ይገባሉ?

ስፓኒሽ የሚማር ሰው ጽሑፉን አንብቦ ይረዳል፤ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ሲናገሩት ግን አንድ ቃል እንኳ ሳይዝ ያልፈዋል። «ድምፁን ይውጡታል» ይባላል። አብዛኛው ድምፅ ግን አልተዋጠም፤ ከጎረቤቱ ጋር ተጋጥሞ ነው።

ይህን እኛም እናደርገዋለን። «አዲስ አበባ» ብለን ጽፈን «አዲሳባ» እንላለን፤ «የአባቴ» «ያባቴ» ይሆናል። ስፓኒሽም ቃል በአናባቢ አልቆ ቀጣዩ በአናባቢ ሲጀምር ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ያወጣቸዋል። ቃሉ በተነባቢ ካለቀ ደግሞ ተነባቢው ወደ ቀጣዩ ቃል ይሻገራል፤ «ሎስ ኦትሮስ» (ሌሎቹ) ሲባል የሚሰማው «ሎ-ሶ-ትሮስ» ነው።

«ኬ ባ አ አሴር አኦራ» የሚለውን እንውሰድ፤ «አሁን ምን ሊያደርግ ነው?» ማለት ነው። በጽሑፍ አምስት ቃል ነው። በወሬ ላይ ግን ከ«ባ» እስከ «አሴር» መጀመሪያ ያሉት ሦስቱ የ«አ» ድምፆች አንድ ይሆናሉ፣ የ«አሴር» መጨረሻም ወደ «አኦራ» ይሻገራል፤ ጆሮ የሚደርሰው «ኬ-ባ-ሴ-ራ-ኦ-ራ» ነው። በላቲን አሜሪካ ደግሞ «ባ አ አሴር» (ሊያደርግ ነው) እና «ባ አ ሴር» (ሊሆን ነው) ሁለቱም «ባሴር» ሆነው ይሰማሉ። በአብዛኛው ስፔን ግን የ«አሴር» «ሴ» ምላስ በጥርስ መካከል ሆኖ ስለሚነገር ይለያያሉ።

በእውነት የሚጠፋ ድምፅም አለ። በሃቫና ወይም በሴቪያ «ሎስ አሚጎስ» (ጓደኞቹ) ሲባል የ«ስ» ድምፅ ወደ ትንፋሽ ይለወጣል ወይም ጨርሶ ይቀራል። በስፔን ተራ ወሬ «ካንሳዶ» (የደከመው) «ካንሳኦ» ይሆናል። የሚጠፋው ድምፅ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ የጆሮ ልምምዱን በአንድ አገር ተናጋሪዎች ይጀምሩ።

ጽሑፉ አብሮት ያለ የድምፅ ቅጂ ይምረጡና አሥር ሰከንዱን ብቻ ይውሰዱ። ጽሑፉን ሳያዩ ሦስት ጊዜ ሰምተው የሰሙትን ይጻፉ፤ ከዚያ ያስተያዩ። ያመለጠዎትን ሲያነቡት ካልገባዎት ጉድለቱ የቃላት ነው፤ ሲያነቡት ከገባዎት ግን የጆሮ ነው፣ ልምምዱም ለእሱ ነው። ቃላት በተጋጠሙበት ቦታ ሁሉ ከሥር ቅስት ይሳሉ፤ ከዚያ ቅስቱን ሳይበጥሱ፣ ከተናጋሪው ጋር እኩል፣ ጮክ ብለው ይበሉት። አፍ ያላለውን ጆሮ ለመያዝ ይቸገራል።

የቅጂውን ፍጥነት ወደ 0.75 ማውረድ አይጎዳም፤ ግጥሚያው እንዳለ ይቆያልና። ቃል በቃል እየቆረጠ የሚያነብ መምህር ግን ግጥሚያውን ያጠፋዋል፤ ጆሮዎም መንገድ ላይ የማይነገር ስፓኒሽ ይለምዳል።

«ባሴር» ሲሰሙ ቆመው ቃሉን ለመፍታት አይሞክሩ፤ ቀጣዩን ይጠብቁ። «ካፌ» ከመጣ ቡና ሊያፈላ ነው፤ «ሜዲኮ» ከመጣ ሐኪም ሊሆን ነው።