ሁለቱ የስጦታ ማኅተሞች

አንድ ካፌ የደንበኛ ካርድ ማውጣቱን ሲያስታውቅ ከፎቶው ሥር የሚጽፈው ቢበዛ ሦስት መስመር ነው። ኋላ ካሸሯ ፊት የሚነሣው ጭቅጭቅም አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚሁ መስመሮች ይወለዳል።

«10ኛው ማኪያቶ በነፃ» እና «10 ጠጥተው 11ኛው በነፃ» ሲነበቡ አንድ ይመስላሉ። የአንዱ ማኪያቶ ዋጋ 60 ብር ነው እንበል። በመጀመሪያው ደንበኛው 540 ብር ከፍሎ 10 ይጠጣል፤ ቅናሹ 10 በመቶ ነው። በሁለተኛው 600 ብር ከፍሎ 11 ይጠጣል፤ ቅናሹም ከ9 በመቶ እምብዛም አያልፍም። ልዩነቱ ከኪስ አይቆጠርም ይባል ይሆናል። ነፃውን ሊጠጣ ተዘጋጅቶ የመጣ ሰው «አንድ ይቀርዎታል» ሲባል ግን የሚያስበው ስለ መቶኛ አይደለም።

አሠራሩ ራሱ ቀላል ነው። ደንበኛው ሲከፍል ካርዱን ያሳያል፤ ካሸሯ በአንድ ባዶ ክብ ላይ ማኅተም ትመታለታለች። ማስታወቂያው ሳይናገር የሚቀረው ሌላው ነው፦ ሦስት ጓደኛሞች ጠጥተው አንዱ ቢከፍል የሚመታለት ሦስት ነው ወይስ አንድ? ካርዱን ቤት የረሳውስ?

ማኅተሙ በሰው ላይ ምን እንደሚሠራ በኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ባለ ካፌ ተፈትኗል። ውጤቱ በ2006 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ካርዱ እየሞላ ሲሄድ ደንበኞች ከአንዱ ቡና እስከ ቀጣዩ የሚቆዩበት ጊዜ በ20 በመቶ ገደማ አጠረ። ነፃውን ከጠጡ በኋላ በአዲስ ካርድ ሲጀምሩ ደግሞ እርምጃቸው መልሶ ቀዘቀዘ።

ይበልጥ የሚያስገርመው ሌላኛው ሙከራ ነው። ለገሚሱ 10 ባዶ ክብ ያለው ካርድ ተሰጠ። ለገሚሱ 12 ክብ ያለው፣ ሁለቱ ግን አስቀድመው የተመቱበት። ሁለቱም የሚገዙት 10 ቡና ነው። ሆኖም ባለ 12ቱ ካርዳቸውን ለመሙላት 13 ቀን ያህል ሲፈጅባቸው፣ ባለ 10ሮቹ ወደ 16 ቀን ወሰደባቸው። ሥራው ተጀምሯል ብሎ ያመነ ሰው ለመጨረስ ይቸኩላል። «ዛሬ ካርድ ለሚወስዱ ሁለት ማኅተም ስጦታ» የሚለው መስመር እንግዲህ ቸርነት ብቻ አይደለም።

ካፌውም የሚፈራው አለው። ተራ ክብ ማኅተም ከማንኛውም ማኅተም ቀራጭ ዘንድ ይሠራል፤ ካሸሯም ለወዳጇ ሁለት ሦስት ልትመታ ትችላለች። ስለዚህ አንዳንዶች ለየት ያለ ቅርጽ ያለው መብሻ ይጠቀማሉ፣ ሌሎች ከማኅተሙ ጎን ቀን ይጽፋሉ።

ካርዱን ሲቀበሉ ጀርባውን ገልብጠው ያንብቡ። የሚያበቃበት ቀን የተጻፈ እንደሆነ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው፣ በደቃቅ ፊደል።