መደመሪያው እንዴት ይቀንሳል?

የአንድ ቢት ኤኤልዩ ቁራጭ ከጌቶች ሲሠራ መነሻው ሙሉ መደመሪያ ነው፤ A፣ B እና ከቀኝ የመጣውን በእጅ የተያዘ ቢት Cin ይደምራል። ለመቀነስ ሌላ ሰርኪዩት ማቆም ብክነት ነው። B ወደ መደመሪያው ከመግባቱ በፊት ከመቆጣጠሪያው M ጋር በአንድ ኤክስኦር ጌት ያልፋል። M 0 ሲሆን B እንዳለ ይገባል፤ 1 ሲሆን ይገለበጣል።

ያው M ከቀኝ ጫፉ ቁራጭ Cin ጋርም መገናኘት አለበት፤ ተፈታኞች በቀላሉ የሚዘነጉት ይህን ሽቦ ነው። በአራት ቢት 5 − 3 ሲሰላ 0011 ተገልብጦ 1100 ይሆናል። 0101 + 1100 + 1 = 10010 ይመጣል፤ የግራው 1 ከአራቱ ቢቶች ውጭ ስለሆነ ይተዋል፤ የሚቀረው 0010፣ ማለትም 2 ነው። ሽቦው ከሌለና Cin 0 ከሆነ መልሱ 0001 ይሆናል። መደመሩ ትክክል ሆኖ መቀነሱ ሁልጊዜ በ1 ካነሰ፣ መፈተሽ ያለበት የመጀመሪያው ቦታ ይኸው ነው።