ሰባት የሞላው የትኛው ነው? የልጆችን ዕድሜ በኤክሴል አስተካክሎ ማውጣት

በአገራችን ልጅ አንደኛ ክፍል የሚገባው 7 ዓመት ሲሞላው ነው። ስለዚህ ምዝገባ ሲደርስ የትምህርት ቤት መዝጋቢዎች ሁሉ አንድ ሥራ ይገጥማቸዋል፤ የሕፃናቱን የልደት ቀን ኤክሴል ላይ አስፍሮ በጎኑ ዕድሜያቸውን ማውጣት። ፎርሙላው አንዴ ከተጻፈ በኋላ ወደ ታች ተስቦ መቶውንም ሁለት መቶውንም ልጅ በአንድ ጊዜ ያሰላል። ፎርሙላው ስህተት ከሆነ ግን ስህተቱ በአብዛኞቹ ልጆች ላይ አይታይም። የሚታየው ልደታቸው ለምዝገባው ቀን ቅርብ በሆነው ጥቂት ልጆች ላይ ነው። መዝጋቢው የግድ መለየት ያለበት ደግሞ እነዚህኑ ልጆች ነው።

አንድ ትምህርት ቤት «መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ላይ 7 ዓመት የሞላው ይመዝገብ» ብሎ ወሰነ እንበል። ቀኑ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 ነው። አንድ ልጅ ደግሞ መስከረም 3 ቀን 2011 ዓ.ም. ተወለደ፤ ይህም ሴፕቴምበር 13 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ነው። ልጁ 7 ዓመት ሊሞላው ሁለት ቀን ይቀረዋል። በዕለቱ ዕድሜው 6 ነው።

መጀመሪያ በፈረንጆቹ ቀን እንየው። የልደት ቀኑ B2 ላይ፣ የምዝገባው ቀን H1 ላይ ተጽፏል። ብዙ ሰው ቶሎ የሚጽፈው ዓመትን ከዓመት የሚቀንሰውን ፎርሙላ ነው።

```
=YEAR($H$1)-YEAR(B2)
```

ይህ ለልጃችን 2025 ሲቀነስ 2018፣ ማለትም 7 ይሰጣል። በዲሴምበር 2018 ለተወለደውም ልጅ መልሱ ያው 7 ነው፤ ያ ልጅ ግን 7 ሊሞላው ገና ከሁለት ወር በላይ ይቀረዋል። ፎርሙላው ወሩንም ቀኑንም ጨርሶ ስለማያይ፣ ልደቱ ያልደረሰውን ሁሉ አንድ ዓመት ያስረጀዋል።

ይህን ያስተዋለ ሰው ወደ ቀናት ቆጠራ ይዞራል። ኤክሴል ቀንን በውስጡ የሚያስቀምጠው በቁጥር ነው፤ ጃንዩወሪ 1 ቀን 1900ን 1 ብሎ ጀምሮ አንድ አንድ እየጨመረ ይሄዳል። የልጃችን የልደት ቀን 43356 ነው፣ የምዝገባው ቀን 45911። ልዩነቱ 2555 ቀን ነው። እሱን ለ365 ብናካፍል ምንም ሳይተርፍ ልክ 7 ይወጣል፤ ልጁም ሁለት ቀን ቀድሞ «ሞላው»። ምክንያቱ በመሃል ያለፉት ሁለት ፌብሩወሪ 29ዎች፣ የ2020 እና የ2024 ናቸው። ሰባቱ ዓመት በትክክል ሲቆጠር 2557 ቀን ነው።

ታዲያ በ365.25 ብናካፍልስ? ልጃችን 6 ይሆናል፤ ለእሱ መልሱ ተስተካከለ። አሁን ደግሞ መዋዕለ ሕፃናት የሚመዘገብ፣ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2020 የተወለደ ሌላ ሕፃን እንውሰድ። በምዝገባው ዕለት ልክ 5 ዓመት ይሞላዋል። በእነዚህ አምስት ዓመታት ውስጥ ያለፈው ፌብሩወሪ 29 አንድ ብቻ ስለሆነ፣ በመሃል ያለው 1826 ቀን ነው። ለ365.25 ሲካፈል ከ5 በጥቂቱ ያንሳል፤ ክፍልፋዩ ሲጣል 4 ይሆናል። አንዱን ልጅ ያዳነው ፎርሙላ ሌላውን በልደቱ ቀን በደለው። ዓመታት እኩል ርዝመት ስለሌላቸው ቀን ቆጥሮ በማካፈል የሚወጣ ዕድሜ ሁልጊዜ ዳር ዳሩ ላይ ይስታል።

ትክክለኛው መንገድ ማንም እናት በቃሏ የምታሰላው ነው፤ ዓመቱን ከዓመቱ መቀነስ፣ ዘንድሮ ልደቱ ገና ካልደረሰ ደግሞ አንድ ማጉደል። ኤክሴል ይህን የሚሠራ ፎርሙላ አለው።

```
=DATEDIF(B2,$H$1,"Y")
```

ኤክሴል ውስጥ ሲጽፉት እንደሌሎቹ ፎርሙላዎች ከስሩ የሚረዳ ዝርዝር አይከፍትም፤ የለም ማለት ግን አይደለም፣ እስከ መጨረሻው ከጻፉት ይሠራል። ጉግል ሺትስም ሊብሬኦፊስም ያውቁታል። ለመጀመሪያው ልጅ 6፣ ለሁለተኛው ሕፃን 5 ይሰጣል። የዶላር ምልክቱ ፎርሙላው ወደ ታች ሲሳብ የምዝገባው ቀን ከH1 እንዳይንቀሳቀስ ያደርጋል። በH1 ምትክ TODAY() የሚጽፉም አሉ። ያ ፎርሙላ ግን ፋይሉ በተከፈተ ቁጥር የዕለቱን ቀን ስለሚወስድ፣ በመስከረም 6 የነበረው ልጅ በጥር ሲከፈት 7 ሆኖ ይገኛል፤ ማን በምን ዕድሜ እንደተመዘገበም ማጣራት አይቻልም። ለምዝገባ ቁርጥ ያለ ቀን ሴል ላይ መጻፍ ይሻላል።

እስካሁን ያየነው የልደት ቀኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ለተጻፈ ዝርዝር ነው። የእኛ ልጆች የልደት ምስክር ወረቀትና የክትባት ካርድ ግን በአብዛኛው በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ነው፤ ኤክሴል ደግሞ ይህን አቆጣጠር እንደ ቀን አያነበውም። የካቲት 30 ቀን 2010 የተወለደን ልጅ 30/6/2010 ብለን ብንጽፍ ኤክሴል ጁን 30 ቀን 2010 ብሎ ይይዘዋል። ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 ጋር ሲሰላ የ7 ዓመቱ ልጅ 15 ዓመት ይሆነዋል። ይህን ማንም በዓይኑ ያየዋል።

አደገኛው ቀጥሎ የሚመጣው መፍትሔ ነው። መዝጋቢው የምዝገባውንም ቀን በእኛው አቆጣጠር 1/1/2018 ብሎ ይጽፍና 7 ያገኛል፤ መልሱ ትክክል ስለሆነ ዝርዝሩን ሁሉ በዚሁ ይቀጥላል። ችግሩ የሚመጣው በፈረንጆቹ ዘንድ የሌለ ቀን ሲገጥም ነው። ጥቅምት 30 ሲጻፍ 30/2 ነው፤ ፌብሩወሪ 30 ግን የለም። ጥቅምት 29ም በአብዛኛው ዓመት እንደዚያው ነው። የጳጉሜን ቀናት ደግሞ አሥራ ሦስተኛ ወር ስለሚፈልጉ አንዳቸውም አይገኙም። ኤክሴል እነዚህን እንደ ተራ ጽሑፍ ይይዛቸዋል፣ DATEDIFም #VALUE! ይላል። ኮምፒውተሩ ወርን አስቀድሞ በሚያነበው በአሜሪካ አጻጻፍ የተስተካከለ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። የጳጉሜን 5 ልጅ፣ 5/13/2010፣ ሜይ 13 ተብሎ ይነበባል፤ አምስተኛው ወር ጥር በመሆኑ ጥር 13 እንደተወለደ ይቆጠራል። ስህተት የሚል ምልክትም አይወጣም።

አንድ ሴል እውነተኛ ቀን መያዙን የሚያሳየው አቀማመጡ ነው። ማንም ካልነካው ቀን ወደ ቀኝ ይጠጋል፣ ጽሑፍ ወደ ግራ። ይበልጥ ለማረጋገጥ ባዶ አምድ ላይ =ISNUMBER(B2) ጽፎ ወደ ታች መሳብ ነው፤ FALSE የሚለው ረድፍ ላይ ያለው ቀን ሳይሆን ጽሑፍ ነው።

ለኢትዮጵያ ቀን የሚያዋጣው ኤክሴል ቀኑን እንዲተረጉም ጭራሽ አለመጋበዝ ነው። ቀኑን B፣ ወሩን C፣ ዓመቱን D ላይ እንደ ተራ ቁጥር ለየብቻ መጻፍ። የምዝገባውም ቀን እንዲሁ ይከፈላል፤ H1 ላይ ቀኑ 1፣ H2 ላይ ወሩ 1፣ H3 ላይ ዓመቱ 2018። ከዚያ E2 ላይ ይህን መጻፍ ነው።

```
=$H$3-D2-IF($H$2*100+$H$1<C2*100+B2,1,0)
```

የመጀመሪያው ክፍል ዓመቱን ከዓመቱ ይቀንሳል። ቀጥሎ ያለው ልደቱ ደርሷል ወይስ አልደረሰም ብሎ ይጠይቃል። ወሩ በ100 ተባዝቶ ቀኑ ሲደመርበት፣ መስከረም 1 ቀን 101፣ የካቲት 30 ቀን 630፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1305 ይሆናል፤ በዚህ ቁጥር የዓመቱ ቀናት ሁሉ በተራቸው ይሰለፋሉ። የምዝገባው ቀን ቁጥር ከልደቱ ቁጥር ካነሰ ልደቱ ገና ነው፣ አንድ ይጎድላል። የመስከረም 3 ቀን 2011 ልጅ፦ 2018 ሲቀነስ 2011፣ 7። 101 ከ103 ያንሳልና አንድ ይጎድላል፣ 6። የጳጉሜን 5 ቀን 2010 ልጅ፦ 2018 ሲቀነስ 2010፣ 8። 101 ከ1305 ያንሳልና 7፤ በእርግጥም ባለፈው ጳጉሜን 7 ሞልቶታል። ይህ ልጅ በመጀመሪያው መንገድ ጨርሶ ቀን ሳይሆን የቀረው ነበር።

ዝርዝሩ ውስጥ ያልተሟላ ረድፍ መኖሩ አይቀርም። ዓመቱ ባዶ የሆነ ልጅ ፎርሙላው 2017 ዓመት ያደርገዋል። ሦስቱም ቁጥሮች መሞላታቸውን አስቀድሞ እንዲያይ ማድረግ ይቻላል።

```
=IF(COUNT(B2:D2)<3,"ይጣራ",$H$3-D2-IF($H$2*100+$H$1<C2*100+B2,1,0))
```

ውጤቱ 0 ወይም ከዜሮ በታች ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የልደት ቀኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ተጽፏል ማለት ነው። 2018 ብሎ የሰፈረው ዓመት ከእኛው 2018 ጋር ተደባልቋል፤ ወደ ካርዱ ተመልሶ ማየት ያስፈልጋል።

በሁለቱም አቆጣጠር የተጻፉ ልደቶች ባሉበት ሁሉንም ወደ ፈረንጆቹ ቀይሮ በDATEDIF ማስላት ይቀላል የሚል ሐሳብ ይነሣል። ይህም አንድ ስውር ስህተት አለው። መስከረም 1 ቀን 2012 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ መስከረም 1 ቀን 2018 ላይ ድፍን 6 ዓመት ሞልቶታል። ነገር ግን ከእሱ በፊት የነበረው ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለነበረ፣ የተወለደበት ቀን በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2019 ነው፤ የምዝገባው ቀን ደግሞ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025። DATEDIF አንድ ቀን ይቀረዋል ብሎ 5 ይለዋል። ፎርሙላው በራሱ አቆጣጠር አልተሳሳተም፤ ልደቱም መመሪያውም በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ከሆነ ግን ልጁ 6 ነው። ስለዚህ ዕድሜ የሚሰላው የምዝገባው መመሪያ በወጣበት አቆጣጠር ነው፤ ከዚያ ወጣ ያሉትን ጥቂት የልደት ቀናት ወደዚያው ቀይሮ ማስገባት እንጂ ሁሉንም ወደ ሌላው ማዞር አይገባም።

ዝርዝሩን ከማተም በፊት መልሳቸው በጣት ተቆጥሮ የሚታወቅ ሦስት ረድፎች መጨረሻ ላይ ጨምሮ መፈተን ይበቃል። የምዝገባው ቀን መስከረም 1 ቀን 2018 ከሆነ፣ የመስከረም 1 ቀን 2011 ልደት 7፣ የመስከረም 2 ቀን 2011 ልደት 6፣ የጳጉሜን 5 ቀን 2010 ልደት 7 መስጠት አለባቸው። ሦስቱ ከተስተካከሉ ፎርሙላው ልደት የደረሰለትንና ያልደረሰለትን በትክክል ይለያል፤ አንዱ እንኳ ከሳተ ከላይ ያሉትን ዕድሜዎች ማመን አይቻልም።