የሚዞር ብልቃጥ፣ የማይዞር ብርሃን

ሽቶ በስክሪን አይሸትም። ስለዚህ በማስታወቂያ ላይ ሸቀጡን የሚሸጠው ብልቃጡ ነው፤ ብልቃጡን ደግሞ የሚያሳምረው ብርሃን ነው። ዛሬ እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ ያለ ካሜራ፣ እንደ ቪኦና ክሊንግ ባሉ የኤአይ ቪዲዮ ሞዴሎች የሚሠሩ ሰዎች በዝተዋል። ለሞዴሉ የሚጻፈው ትዕዛዝ፣ ባለሙያዎቹ ፕሮምፕት የሚሉት፣ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይላል፦ «ቅንጡ የሽቶ ብልቃጥ በሚያንጸባርቅ ወለል ላይ ሲሽከረከር፣ የሲኒማ ብርሃን፣ በጣም የሚያምር»። የሚወጣው ቪዲዮ መጀመሪያ ሲያዩት ያስደንቃል። ደግመው ሲያዩት ግን የሆነ ነገር ይቆረቁራል።

የሚቆረቁረው አብዛኛውን ጊዜ በመስታወቱ ላይ ያለው ነጭ የብርሃን መስመር ነው። መስመሩ የብልቃጡ አይደለም፤ የመብራቱ ምስል ነው። መብራቱና ካሜራው ካልተንቀሳቀሱ ክብ ብልቃጥ የቱንም ያህል ቢዞር መስመሩ እዚያው ቦታው ይቆማል፤ የሚያልፈው ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ነው። ብልቃጡ አራት ማዕዘን ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይለያል። እያንዳንዱ ጠፍጣፋ ገጽ ትክክለኛው ማዕዘን ላይ ሲደርስ ቦግ ይላል፣ ወዲያው ይጠፋል። ገጹ አንድ ዲግሪ ሲዞር የሚመልሰው ብርሃን ሁለት ዲግሪ ስለሚዞር ቦግታው ከምንጠብቀው በላይ ፈጣን ነው። የቪዲዮ ሞዴል ይህን አያሰላም፤ ካያቸው ብዙ ቪዲዮዎች ተነሥቶ ይገምታል። ሲሳሳት የብርሃኑን መስመር ልክ እንደ ቀለም በመስታወቱ ላይ ይለጥፈውና አብሮ ያዞረዋል።

መፍትሔው «የሚያምር ብርሃን» ማለትን ትቶ ስቱዲዮውን መግለጽ ነው። የምርት ፎቶ አንሺዎች መስታወትን የሚቀርጹት ዙሪያውን በማደራጀት ነው። በአንድ ጎን ረጅምና ጠባብ ሶፍት ቦክስ ያቆማሉ፤ አንድ ንጹሕ ቋሚ መስመር የሚሰጠው እሱ ነው። ጥርት ያለው መስታወት ከጀርባው ጋር እንዳይቀላቀል ግራና ቀኝ ጥቁር ካርቶን ያስጠጋሉ፤ ካርቶኑ በብልቃጡ ጠርዝ ላይ ጥቁር መስመር ሆኖ ይታያል። ፈሳሹ እንዲበራም ከኋላ ለስላሳ ብርሃን ይለቃሉ። ለወለሉ ተራ መስታወት አይመርጡም፤ የተራ መስታወት ብር ያለው ከጀርባው ስለሆነ ከዋናው ምስል አጠገብ ሌላ ደብዛዛ ምስል ይፈጥራል። ጥቁር አክሪሊክ ግን ከላይኛው ገጹ ብቻ አንድ ጠቆር ያለ ምስል ይመልሳል።

ወርቃማ ፈሳሽና ጥቁር ክዳን ያለውን ባለ አራት ማዕዘን ብልቃጥ በስምንት ሰከንድ እናሳይ ብንል ፕሮምፕቱ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ጥርት ያለ ባለ አራት ማዕዘን የመስታወት ብልቃጥ፣ ውስጡ ወርቃማ ፈሳሽ፣ ክዳኑ ጥቁርና የማያብረቀርቅ፣ ጽሑፍ የለበትም። በጥቁር አክሪሊክ ወለል ላይ ቆሟል፤ ወለሉ ላይ አንድ ደብዘዝ ያለ ምስል ይታያል። ካሜራው በብልቃጡ ወገብ ከፍታ ላይ ነው፣ አይንቀሳቀስም። በግራ በኩል ጠባብና ረጅም ሶፍት ቦክስ፣ ከኋላ ለስላሳ ብርሃን አለ፤ መብራቶቹ ቦታቸውን አይለቁም። ብልቃጡ በቋሚ ዘንጉ ላይ በዝግታና በእኩል ፍጥነት 90 ዲግሪ ብቻ ይዞራል። እያንዳንዱ ገጽ ወደ ግራው ብርሃን ሲዞር አንድ ጊዜ ያበራል፣ ከዚያ ይጨልማል።»

ለምን 90 ዲግሪ ብቻ? ሞዴሉ የብልቃጡን ጀርባ አይቶ አያውቅም። ሙሉ ዙር ካዘዙት ጀርባውን ከራሱ ይፈጥራል፤ ወደ ፊት ሲመለስም ትከሻው ሰፍቶ ወይም ክዳኑ አጥሮ ልታገኙት ትችላላችሁ። በስምንት ሰከንድ 90 ዲግሪ ማለት በሰከንድ 11 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ቦግታውም ለዓይን ይመቻል። ጽሑፉንም ያስወጣሁት በምክንያት ነው፦ ፊደላት በሚዞር ነገር ላይ ይቀልጣሉ። የምርቱ ስም በኋላ በኤዲቲንግ ቢገባ ይሻላል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የእውነተኛውን ብልቃጥ ፎቶ እንደ መጀመሪያ ፍሬም መስጠት ነው፤ ያኔ ቅርጹን ሞዴሉ አይፈለስፈውም።

ቪዲዮው ሲወጣ በሦስት ቦታ አቁማችሁ እዩት። የብርሃኑ መስመር ከገጹ ጋር ተጣብቆ እየዞረ ከሆነ ውድቅ ነው። ወለሉ ላይ ያለው ምስል ከላይኛው ብልቃጥ የተለየ ገጽ ካሳየ፣ ወይም የሁለቱ ግርጌ ሳይነካካ በመካከላቸው ክፍተት ከታየ፣ ብልቃጡ የሚንሳፈፍ ይመስላል። ሦስተኛው ፈሳሹ ነው፦ በዝግታ በሚዞር ብልቃጥ ውስጥ ከላይ ያለው መስመሩ ጠፍጣፋ ሆኖ መቆየት አለበት፤ ከተናወጠ ሞዴሉ ዙረቱን ከመንቀጥቀጥ ጋር አምታቶታል። እንዲህ ሲሆን ፕሮምፕቱን በሙሉ አትለውጡ፤ ያበላሸውን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አስተካክላችሁ እንደገና አዘዙ፤ አለዚያ የትኛው ቃል ምን እንዳደረገ አይታወቅም።

ማስታወቂያው የብልቃጡን አራቱንም ገጽ፣ ከነጽሑፉ፣ ማሳየት ካለበት ግን በፕሮምፕት አትድከሙ። ተሽከርካሪ መድረክና አንድ ሶፍት ቦክስ ያለው ፎቶ አንሺ ዛሬም ያንን ሥራ የተሻለ ይሠራዋል።